ከሩቅ ለሚታይ ባነር ስንት ፒክስል ይበቃል?

ሁለት ሥራ በአንድ ቀን ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ገባ እንበል። አንደኛው አዳራሽ መግቢያ ላይ የሚቆም፣ ስፋቱ 85 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ሮል አፕ ነው። ሁለተኛው 6 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ ከመንገድ ማዶ እንዲታይ ሕንፃ ላይ የሚሰቀል ባነር ነው። ትልቅ ፎቶ የሚፈልገው የትኛው ነው? ብዙ ሰው ሳያመነታ ባነሩን ይጠቁማል። ስሌቱ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። ሮል አፑ በረጅሙ ጎኑ የሚፈልገው የፒክስል ብዛት ባነሩ ከሚፈልገው አምስት እጥፍ ነው።

ይህን ባለማወቅ ሁለት ዓይነት ኪሳራ ይደርሳል። በአንድ በኩል፣ ለሥራው ከበቂ በላይ የሆነ የስልክ ፎቶ «ለባነር አይሆንም» ተብሎ ይጣልና ደንበኛው ለአዲስ ፎቶ ገንዘብ ያወጣል፤ ወይም ዲዛይነሩ ሁሉንም ነገር በ300 ዲፒአይ ልሥራ ብሎ ኮምፒውተሩን የሚያስር ፋይል ይፈጥራል። በሌላ በኩል፣ በእርግጥ የማይበቃ ፎቶ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ይታተምና ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ሁሉም ያዝናል። ሁለቱንም ስህተት የሚያስቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባነሩን በቅርብ የሚያየው ሰው ስንት ሜትር ርቆ ይቆማል?

ዓይን መለየት የሚያቆምበት ቦታ

ነገሩ የሚጀምረው ከዓይን ነው። ዓይኑን የተመረመረ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰንጠረዥ ያስታውሳል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የዞሩ ባለ ሦስት ጣት ምልክቶች በየመስመሩ እያነሱ ይወርዳሉ። የእንዲህ ዓይነቱን ሰንጠረዥ ልኬት መሠረት የጣለው ሄርማን ስኔለን የተባለው የኔዘርላንድ የዓይን ሐኪም ነው፤ የራሱን ሰንጠረዥ ያወጣው በ1862 እ.ኤ.አ. ነበር። ጤናማ ዓይን ከ6 ሜትር ሊለየው ይገባል በሚባለው መስመር ላይ ያለው ምልክት ቁመቱ 8.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የእያንዳንዱ ጣት ውፍረት ደግሞ የዚያ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 1.75 ሚሊሜትር አካባቢ ነው።

ይህ ውፍረት ከ6 ሜትር ሲታይ ዓይን ላይ የሚሠራው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው። ከዚህ ያነሰ ዝርዝር ለብዙ ሰው ዓይን ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል፤ ሁለት ነጥብ የነበረው አንድ ሆኖ ይታያል። ማዕዘኑ ስለማይለወጥ ልኩ ከርቀቱ ጋር እኩል ያድጋል። ከ1 ሜትር ዓይን የሚለየው ትንሹ ነገር 0.29 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከ5 ሜትር አንድ ተኩል ሚሊሜትር፣ ከ15 ሜትር 4.4 ሚሊሜትር፣ ከ50 ሜትር አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ይጠጋል።

ይህን በመንገድ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። በሱቆችና በመድኃኒት ቤቶች በር ላይ ጽሑፍ የሚያስኬዱ የመብራት ሰሌዳዎች አሉ፤ ብዙዎቹ `P10` የሚባለው ዓይነት ናቸው። ቁጥሩ በአንዱ መብራትና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት 10 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። ሰሌዳው ሥር ሲቆሙ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ይቆጠራል። ወደ ኋላ እየራቁ ሲሄዱ መብራቶቹ ይቀራረባሉ፤ በስሌቱ መሠረት 34 ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ፊደሉ ወጥ መስመር ይሆናል። የመብራቱ ድምቀትና የተመልካቹ ዓይን ቁጥሩን ትንሽ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። የታተመ ፎቶ ፒክስልም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

300 የመጣው ከየት ነው?

ፒክስል የዲጂታል ፎቶ ትንሹ ካሬ ናት። አንድ ፎቶ 4,032 በ3,024 ፒክስል ነው ሲባል በአግድም 4,032፣ በቁመት 3,024 ካሬዎች አሉት ማለት ነው። የፎቶው ሀብት ይኸው ነው። ዲፒአይ የሚባለው ቁጥር ደግሞ ፎቶው ሲታተም ከእነዚህ ካሬዎች ስንቱ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲሜትር ውስጥ እንደሚሰለፉ ይናገራል።

አሁን የመጽሔት አንባቢን እናስብ። መጽሔቱን የሚይዘው ከዓይኑ 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቆ ነው። በዚያ ርቀት ዓይን የሚለየው ትንሹ ነገር 0.087 ሚሊሜትር ነው። አንድ ኢንች ውስጥ ስንት እንደዚህ ያሉ ነጥቦች እንደሚገቡ ብናካፍል 291 እናገኛለን። በኅትመት ሙያ የተለመደው 300 ከዚህ ቁጥር ጋር ይገጥማል። በእጅ ለሚያዝ መጽሔት፣ ለሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ለብሮሹር ትክክለኛ ቁጥር ነው። ከ15 ሜትር ለሚታይ ነገር ግን ምንም ትርጉም የለውም፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ዝርዝር ተመልካቹ ዓይን ዘንድ ሳይደርስ ይዋሃዳል።

ትርጉም ማጣቱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። 6 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ባነር በ300 ዲፒአይ ሲሠራ በአግድም 70,866፣ በቁመት 35,433 ፒክስል ይሆናል። ይህ ሁለት ቢሊዮን ተኩል ፒክስል ነው። ለኅትመት በሚሆነው ባለ አራት ቀለም አሠራር ሳይታመቅ ወደ 10 ጊጋ ባይት ይመዝናል። ጄፔግ የተባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ደግሞ በአንድ ጎን ከ65,535 ፒክስል በላይ መያዝ ስለማይችል፣ ፋይሉን በጄፔግ ማስቀመጥ እንኳ አይቻልም። እንዲህ ያለ ፋይል የሚያመርት ስልክም ሆነ የተለመደ ካሜራ የለም፤ ስለዚህ አብዛኛው ፒክስል ኮምፒውተሩ ገምቶ የሞላው ይሆናል።

ስሌቱ

ዲፒአይንና ኢንችን ትተን በቀጥታ ወደ ፒክስል ብዛት ብንሄድ ነገሩ በጣም ይቀላል። ዓይን የሚለየው ትንሹ ነገር የርቀቱ 3,438ኛ ክፍል ነው። ለማስታወስ እንዲቀል 3,400 እንበለው። ስለዚህ ፎቶው የሚሸፍነውን ስፋት በሜትር ወስደን፣ ለርቀቱ አካፍለን፣ በ3,400 እናባዛለን።

```
ፒክስል = 3400 × ስፋት ÷ ርቀት
```

ከዚህ አንድ ነገር ወዲያው ይታያል። የሚያስፈልገውን ፒክስል የሚወስነው የስፋቱና የርቀቱ ንጽጽር ነው። ባነሩ በእጥፍ ሲያድግ ተመልካቹም በእጥፍ ከራቀ የፒክስሉ ቁጥር አይለወጥም። መጀመሪያ ላይ ያነሣናቸውን ሁለት ሥራዎች እንሞክራቸው። 6 ሜትሩ ባነር ከ15 ሜትር ይታያል፤ 6 ለ15 ሲካፈል 0.4፣ በ3,400 ሲባዛ 1,360 ፒክስል። 2 ሜትሩን ሮል አፕ ሰው በ1 ሜትር ርቀት ቆሞ ያነበዋል፤ 2 ለ1 ሲካፈል 2፣ በ3,400 ሲባዛ 6,800 ፒክስል። አምስት እጥፍ ያልነው ይህን ነው።

ይህ ቁጥር ግን ወለሉ ነው፤ ከዚህ በታች ከወረድን ነጥቦቹ መታየት ይጀምራሉ። በተግባር በእጥፍ ማሰብ፣ ማለትም በ3,400 ፈንታ በ7,000 ማባዛት የተሻለ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ከሰንጠረዡ ልክ የተሻለ የሚያይ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ብዙ ነው። ካሜራም ቢሆን በእያንዳንዱ ፒክስል ሙሉ ዝርዝር አይዘግብም፤ በተለይ ማታ በስልክ የተነሣ ፎቶ ፒክስሉ ብዙ ሆኖ ዝርዝሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለ6 ሜትሩ ባነር 1,360 ወለሉ፣ 2,800 ምቹው ቁጥር ነው ማለት ነው። አንድ መደበኛ የ12 ሜጋ ፒክስል ስልክ 4,032 ስለሚሰጥ ከምቹውም ያልፋል።

አፕል በ2015 እ.ኤ.አ. በአይፎን 6 የተነሡ ፎቶዎችን በየአገሩ ትልልቅ ቢልቦርዶች ላይ ሲሰቅል የስልኩ ካሜራ 8 ሜጋ ፒክስል ነበር፤ ረጅሙ ጎን 3,264 ፒክስል ማለት ነው። በእኛ ስሌት ይህ 20 ሜትር ስፋት ላለው ሰሌዳ ከ20 ሜትር ርቀት ለመታየት ወለሉን የሚነካ ነው። ቢልቦርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከራሱ ስፋት በላይ ከሚርቅ ቦታ ነው።

አንድ ሥራ ከነዝርዝሩ

ስሌቱ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ አንድ ምሳሌ ይዘን እንከተለው። አንድ ትምህርት ቤት የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ሊያከብር ነው። በሦስተኛ ፎቅ ላይ 6 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ባነር ይሰቀላል። የግራው ግማሽ ጽሑፍ፣ የቀኙ 3 ሜትር በ3 ሜትር ደግሞ የቀድሞው ርእሰ መምህር ፎቶ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሥራ ርቀቱን መለካት ነው። የሚፈለገው ቆሞ ከሚያየው ሰው ሁሉ የቅርቡ ነው፤ አማካዩን ብንወስድ ቀርበው የሚያዩትን እንበድላለን። ባነሩ ሥር በበሩ የሚገባ ሰው አንገቱን ወደ ላይ ካልሰበረ በቀር አያየውም፤ እሱን መተው ይቻላል። ከመንገዱ ማዶ ግን ታክሲ መጠበቂያ አለ፤ ሰው እዚያ ቆሞ ረጅም ጊዜ ያየዋል። ከሕንፃው እስከ መጠበቂያው በእርምጃ ሲለካ 20 እርምጃ ሆነ። የአዋቂ ሰው እርምጃ ወደ 75 ሳንቲሜትር ስለሆነ 15 ሜትር ማለት ነው።

ሁለተኛው ፎቶው የሚሸፍነውን ቦታ ብቻ ማስላት ነው። 3 ለ15 ሲካፈል 0.2 ነው፤ በ3,400 ሲባዛ 680፣ በ7,000 ሲባዛ 1,400። ስለዚህ የርእሰ መምህሩ ምስል በአግድም ከ680 ፒክስል ማነስ የለበትም፤ 1,400 ከሆነ ደግሞ ምንም አያሳስብም።

ሦስተኛው ፎቶውን መቁጠር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ኮሚቴው የያዘው ፎቶ ርእሰ መምህሩ ከሌሎች መምህራን ጋር በቡድን የተነሡት ነው። ፎቶው በጠቅላላ 4,032 ፒክስል ቢሆንም እሳቸው ብቻ ተቆርጠው ሲወጡ 900 ፒክስል ስፋት ያለው ቁራጭ ይቀራል። ባነሩ ላይ የሚሄደው እነዚህ 900 ናቸው። 900 ከ680 ይበልጣል፤ ከ1,400 ያንሳል። ሥራው ይሄዳል ማለት ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ነጥቡ አይታይም፤ ብዙ የሚተርፍ ነገር ግን የለም። የፎቶን ፒክስል ለማወቅ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Properties` ውስጥ `Details` የሚለውን ማየት ይበቃል፤ `Dimensions` የሚለው መስመር ይነግራል። መቁጠር ያለበት ግን ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ቴሌግራም ያመጣው ፎቶ

እዚህ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዲዛይነሩ ዘንድ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ልጄ፣ ፎቶው ይኸው፤ ከግሩፓችን ላይ ያወረድኩት ነው። እንዴት ጥርት እንዳለ አየኸው?» ይላሉ። ዲዛይነሩ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ ያነሣው ሰው ጋ ይደውሉልኝና ዋናውን እንደ ፋይል ይላክልን።»

ምክንያቱ ይህ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ እንዲቀል ብሎ ያሳንሰዋል፤ ረጅሙ ጎን ብዙ ጊዜ 1,280 ፒክስል ይሆናል። 4,032 የነበረው ፎቶ ወደ 1,280 ሲወርድ የርእሰ መምህሩ ቁራጭም ከ900 ወደ 286 ይወርዳል። 286 ከወለሉ ከ680 ግማሽ አይሞላም። በ3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ አንዱ ፒክስል ከ10 ሚሊሜትር በላይ ይሆናል፤ ይህም እስከ 36 ሜትር ድረስ የሚለይ መጠን ነው። ታክሲ መጠበቂያው 15 ሜትር ላይ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ጄፔግ ፎቶን የሚያምቀው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። ፋይሉ በጣም ሲታመቅ የእነዚህ ካሬዎች ድንበር ፊት ላይ፣ ሰማይ ላይ፣ ወጥ በሆነ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ስልክ ላይ ካሬዋ ትንሽ ስለሆነች ዓይን አያያትም። እዚህ ባነር ላይ ግን አንዷ ካሬ ከ8 ሳንቲሜትር በላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ትሆናለች። ፒክስሉ ሊዋሃድ በሚችልበት ርቀት እንኳ ካሬዋ ትታያለች። ስሌቱ በቂ ነው ያለው ፎቶ ከተሰቀለ በኋላ ጉንጭና ግንባሩ ላይ የተለጣጠፈ ነገር ካሳየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ይኸው መታመቅ ነው። አስቀድሞ ለማወቅ ፎቶውን በስክሪን ላይ አራት እጥፍ አጉልቶ ጉንጭና ግንባሩን ማየት ይጠቅማል። ካሬ ካሬ ሆኖ ከታየ ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው።

በፎቶሾፕ `Image Size` ገብቶ 72 የነበረውን 300 ማድረግ ይህን አያድነውም። `Resample` የሚለው ምልክት ከተደረገበት ፕሮግራሙ በነበሩት ፒክስሎች መካከል አዳዲስ ፒክስል ገምቶ ይሞላል። 1,280 የነበረው 5,333 ይሆናል፤ ፋይሉ ይከብዳል፤ የጠርዞቹ መሰላል ለስለስ ይላል። ካሜራው ያላየው የዓይን ሽፋሽፍት ግን አይመጣም። `Resample` ካልተመረጠ ደግሞ ቁጥሩ ብቻ ይቀየራል፤ ፎቶው ያው ፎቶ ነው። ስለዚህ «300 ነው» የሚል ፋይል ስለ ጥራቱ ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ፒክስል እንዳለውና ከየት እንደመጣ ነው።

ጽሑፍ ሌላ ሕግ አለው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለፎቶ ነው። ፊደልና ሎጎ በዚህ ስሌት አይሄዱም። ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለመለየት የሚቸገርበት ርቀት ላይ ሆኖ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ውስጥ ያለችን ትንሽ ስብራት ይይዛል። በዚህ ረገድ ያለው ችሎታ ከተራው ዝርዝር የመለየት ችሎታ ብዙ እጥፍ የተሻለ ነው። ከ15 ሜትር 4 ሚሊሜትር የሆነ ነጥብ ፊት ላይ ሲዋሃድ፣ የአንድ ፊደል እግር ላይ ያለ የአንድ ሚሊሜትር መሰላል ግን ሊታይ ይችላል። በባነር ላይ ፊቱ አምሮ ጽሑፉ የተቦጫጨቀ የሚመስለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ጽሑፉን ከፒክስል ነጻ ማድረግ ነው። እንደ ኢሉስትሬተርና ኮረል ድሮው ባሉ ፕሮግራሞች የሚጻፍ ፊደል ቬክተር ይባላል፤ የሚቀመጠው በመስመርና በኩርባ ቀመር ስለሆነ 3 ሳንቲሜትርም ሆነ 3 ሜትር ቢደረግ ጠርዙ አይሰበርም። ፎቶው ውስጡ ይገባል፤ ጽሑፉ በላዩ ቬክተር ሆኖ ይቀራል፤ ሥራው በፒዲኤፍ ይወጣል። ሙሉውን ሥራ በጄፔግ ካወጡት ግን ጽሑፉም ወደ ፒክስል ይለወጥና የፎቶው ዕጣ ይደርስበታል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ዲዛይነሩ የተጠቀመበት የፊደል ዓይነት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ወደ ሌላ ቅርጽ ወይም ወደ ባዶ ሳጥን ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ኢሉስትሬተር ላይ `Create Outlines`፣ ኮረል ድሮው ላይ `Convert to Curves` ይባላል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ስለማይታረም አንድ የሚታረም ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ ይገባል።

ሳይታተም በፊት ማየት

ስሌት ያላሳመነው ደንበኛ በዓይኑ ማየት ይችላል። የርእሰ መምህሩ ፎቶ 900 ፒክስል በ3 ሜትር ላይ ይዘረጋል ብለናል፤ ያ በአንድ ሜትር 300 ፒክስል ነው። የኤ4 ወረቀት ረጅሙ ጎን 29.7 ሳንቲሜትር ስለሆነ የሚይዘው 89 ፒክስል ገደማ ነው። ስለዚህ ከዓይናቸው አካባቢ 89 በ63 ፒክስል የሆነ ቁራጭ ወስዶ ኤ4 ወረቀት ሙሉ አድርጎ በተራ የቢሮ ፕሪንተር ማተም ይቻላል። ይህ የባነሩ እውነተኛ ቁራጭ ነው። እጅ ላይ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ዓይን ይሁን ጆሮ አይለይም። ግድግዳ ላይ ለጥፎ በቀን ብርሃን 20 እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከዚያ ቦታ ነጥቦቹ ከጠፉ ባነሩ ላይም ይጠፋሉ። ካልጠፉ ደግሞ የጠፋው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀት እንኳ የማይፈልግ መንገድም አለ። ፒክስሉን የሚወስነው የስፋትና የርቀት ንጽጽር ስለሆነ፣ 6 ሜትር ባነር ከ15 ሜትር ሲታይ ዓይን ላይ የሚይዘው ቦታ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ምስል ከ75 ሳንቲሜትር ሲታይ ከሚይዘው ጋር እኩል ነው። ሥራውን በላፕቶፕ ስክሪን ላይ 30 ሳንቲሜትር አድርጎ ከፍቶ፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ ማየት ማለት ታክሲ መጠበቂያው ላይ ቆሞ ማየት ማለት ነው። በዚህ መንገድ የፎቶው ብቻ ሳይሆን የጽሑፉም መጠን ይፈተናል። ከዚያ ርቀት የማይነበብ ስልክ ቁጥር ባነሩም ላይ አይነበብም።

ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጠው ቁጥር

ማተሚያ ቤቶች ለትልቅ ባነር በሙሉ መጠኑ 72 ዲፒአይ፣ ለሮል አፕ ደግሞ 100 ወይም 150 ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ። ከስሌቱ ጋር ይስማማል። 72 ማለት አንድ ፒክስል 0.35 ሚሊሜትር ሆኗል ማለት ነው፤ ይህም ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ጀምሮ ይዋሃዳል። ለመንገድ ማዶ ባነር ከበቂ በላይ ስለሆነ ፎቶው ከዚያ ቢያንስም ስሌቱን እስካለፈ ድረስ መስጋት አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ግን ሊያደናግር ይችላል። አንደኛው የማሽኑ ቁጥር ነው። «ማሽናችን 1440 ነው» ሲባል የሚነገረው ማሽኑ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት የቀለም ነጠብጣብ ማስቀመጥ እንደሚችል ነው። ማሽኑ ያሉት ጥቂት ቀለሞች ስለሆኑ የአንዲትን ፒክስል ትክክለኛ ቀለም ለማውጣት ብዙ ነጠብጣብ ይደራርባል። ቁጥሩ የማሽኑ እንጂ የፎቶው መለኪያ አይደለም። ሁለተኛው በአንድ አሥረኛ መጠን የሚሠራ ፋይል ነው። 6 ሜትሩን ባነር በ60 ሳንቲሜትር የሚሠራ ዲዛይነር ፎቶውን 300 ዲፒአይ ቢያደርገው ባነሩ ላይ 30 ይሆናል። 30 ደግሞ ከ3 ሜትር ጀምሮ ለሚታይ ነገር ይበቃል፤ ለእኛ 15 ሜትር ከበቂም በላይ ነው። ስህተት የሚሆነው ያንኑ ፋይል ተጠቅሞ በር ላይ የሚቆም ሮል አፕ ማተም ነው።

የባነር ትእዛዝ ሲቀበሉ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስፋት፣ ቁመት፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የቀለበቱ ብዛትና የሚወሰድበት ቀን ነው። አንድ መስመር ቢጨመርበት ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል፦ «የቅርቡ ተመልካች ስንት ሜትር ላይ ነው?» ደንበኛው ያን ቁጥር ሲሞላ ዲዛይነሩ ስፋቱን ለእሱ አካፍሎ በ7,000 ያባዛል፤ ውጤቱን ከተቆረጠው ፎቶ ፒክስል ጋር ያስተያያል። ካለፈ ያትማል። ከ7,000ው በታች ሆኖ ከ3,400ው በላይ ከሆነ በኤ4 ወረቀት ይፈትናል። ከ3,400ውም በታች ከሆነ ሁለት ምርጫ ይቀራል፤ ዋናውን ፎቶ ማስመጣት፣ ወይም ፎቶው የሚሸፍነውን ቦታ ማሳነስ። 286 ፒክስሏ የቴሌግራም ፎቶ እንኳ፣ ካሬዎቿ ካልወጡ፣ ከ15 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲሜትር ስፋት ድረስ ማገልገል ትችላለች። ያንን ዲዛይነሩ ቀለም ሳይፈስ በፊት ለደንበኛው ሊነግረው ይችላል።